መርዶ በኪስ፦ የማያባራ ዜና፣ ጭንቀትና የመስማት ሥርዓት

ክፉ ወሬ በማኅበረሰባችን ዘንድ ሥርዓት አለው። ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ በቀጥታ ስልክ አይደወልም፤ ማታ አይነገርም፤ በመንገድና በሥራ ቦታም አይነገርም። ወዳጆች አስቀድመው በምስጢር ይጠራራሉ፤ የሚናገር ትልቅ ሰው ይመረጣል፤ ጎረቤትም እንዲያውቅ ይደረጋል። ከዚያ ገና ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይህን ልማድ ይዘውት ሄደዋል። በዋሽንግተን የሚኖር ሰው ወንድሙ ቢሞትበት ከአገር ቤት የሚደወለው ለጓደኛው ነው፤ ጓደኛውም ሌሎችን አስተባብሮ በማለዳ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዛሬ ግን ያው ሰው፣ መርዶ ነጋሪዎቹ ገና ሲጠራሩ፣ ሻማ የተለኮሰበትን የወንድሙን ፎቶግራፍ በፌስቡክ ገጹ ላይ በአንድ የልብስ ማስታወቂያና በአንድ ቀልድ መካከል ሊያገኘው ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው አስተያየት ከዚህ ልማድ ይነሣል። የማያቋርጥ ዜናና የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ማንሸራተት ጭንቀትን እንደሚያባብስ ብዙ ተብሏል፤ መፍትሔ ተብሎ የሚሰጠው ምክር ግን አብዛኛውን ጊዜ “ስልክህን ተው” ከሚል አያልፍም። ቤተሰቡ ግጭት ባለበት አካባቢ ለሚኖር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህ ምክር ሊፈጸም የማይችል ከመሆኑም በላይ ጎጂ ሊሆን ይችላል። የመርዶ ሥርዓት ግን ክፉ ወሬን ሦስት ነገሮች ይወስኑለት እንደነበር ያሳያል፤ የሚነገርበት ሰዓት፣ የሚነገርበት መልክና የሚናገረው ሰው። ስልካችን ሦስቱንም አፍርሷል። ውጤት ያለው ገደብ የሚገኘውም እነዚህን ሦስቱን መልሶ በማቆም ነው የሚል እምነት አለኝ።

ከሥፍራው የራቀው ለምን ይበልጥ ይጨነቃል?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2013 በቦስተን የማራቶን ውድድር ማብቂያ አጠገብ ሁለት ቦምቦች ፈነዱ። አሊሰን ሆልማን፣ ዳና ጋርፊንና ሮክሳን ሲልቨር የተባሉ ተመራማሪዎች ፍንዳታው በደረሰ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በቦስተን፣ በኒው ዮርክና በቀረው የአሜሪካ ክፍል ለሚኖሩ 4,675 ሰዎች መጠይቅ አቀረቡ። በ2014 ያሳተሙት ውጤት በዘርፉ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ፍንዳታው በደረሰበት ሳምንት ስለ አደጋው በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ በመገናኛ ብዙኃን የተከታተሉ ሰዎች፣ በሥፍራው ከነበሩት ወይም በሥፍራው የቅርብ ሰው ከነበራቸው ይልቅ ከፍ ያለ የድንጋጤና የጭንቀት ምልክት አሳይተዋል።

ጥንቁቅ አንባቢ እዚህ ላይ ወዲያው አንድ ጥያቄ ያነሣል። ምናልባት ቀድሞውኑ የተጨነቀ ሰው ይሆናል ዜናውን አብዝቶ የሚከታተለው፤ ታዲያ መንስኤው የትኛው ነው? ጥያቄው ትክክል ነው። ተመራማሪዎቹ ከአደጋው በፊት የነበረውን የአእምሮ ጤና ሁኔታ በስሌታቸው ውስጥ ቢያስገቡም፣ የአንድ ጊዜ መጠይቅ ይህን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ሊመልስ አይችልም። የተሻለው መልስ የተገኘው እነዚያኑ ሰዎች ለሦስት ዓመት ያህል በመከታተል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኦርላንዶ የምሽት ክበብ ውስጥ የጅምላ ግድያ ሲፈጸም፣ ሬቤካ ቶምሰንና ባልደረቦቿ ከቦስተን ጀምሮ የሚያውቋቸውን ተሳታፊዎች እንደገና ጠየቁ። በ2019 የታተመው ውጤታቸው አዙሪት መሆኑን አሳየ። በመጀመሪያው አደጋ ወቅት ብዙ ዜና የተከታተለው ይበልጥ ተጨነቀ፤ የተጨነቀው ስለ ነገ ይበልጥ ሠጋ፤ የሠጋው ሁለተኛው አደጋ ሲደርስ ብዙ ዜና ተከታተለ፤ በዚያም እንደገና ተጨነቀ። ስለዚህ “ከሁለቱ የቱ ነው መንስኤው” ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁለቱም ነው። ይህ መልስ ለተግባር ይጠቅማል፤ አዙሪትን በየትኛውም ነጥብ ላይ መስበር ይቻላልና።

ሁለተኛው ማስረጃ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ለተመራማሪ ተማሪ ከመጀመሪያው ይልቅ ይቀርበዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ጆንስተንና ዴቪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሠላሳ ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን የ14 ደቂቃ የቴሌቪዥን ዜና አሳዩ። አንደኛው ዜና በጎ፣ ሁለተኛው ገለልተኛ፣ ሦስተኛው ክፉ ነበር። ክፉውን ዜና ያዩት መጨነቃቸውና ማዘናቸው አያስገርምም። የሚያስገርመው ከዜናው በኋላ እያንዳንዱ ስለ ራሱ የግል ሥጋት እንዲናገር ሲጠየቅ የታየው ነው። ክፉውን ዜና ያዩት፣ ዜናው ከጉዳያቸው ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው፣ የግል ሥጋታቸውን ከሌሎቹ ይልቅ አባብሰውና ወደ መጥፎ ፍጻሜ አድርሰው አዩት። ማለዳ ላይ የጦርነት ወሬ ያነበበ ተማሪ ከቁርስ በኋላ የመመረቂያ ጽሑፉን ሦስተኛ ምዕራፍ ከፍቶ “ይህ ሥራ መቼም አያልቅም” ሲል፣ ተስፋ መቁረጡ ከምዕራፉ የመጣ ይመስለዋል። ከየት እንደመጣ ስለማያውቅም ምክንያቱን በምዕራፉ ውስጥ ይፈልጋል። ሠላሳ ሰው ጥቂት ነው፤ ውጤቱን በዚያው ልክ ልንይዘው ይገባል። ሆኖም አማካሪዎች ተማሪያቸው ያለ ግልጽ ምክንያት ሲቀዘቅዝ “ጠዋት የመጀመሪያ ሥራህ ምንድን ነው?” ብለው ቢጠይቁ ጥሩ ነው እላለሁ።

መስመር ሲቋረጥ

አሁን ወደ ራሳችን ሁኔታ እንምጣ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ቆይተዋል። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት አልነበረም። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ወላጆቹ በዚያ ያሉበት፣ እሱ ግን በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ሆኖ የሚማር ሰው የገጠመው ሁኔታ ከቦስተኑ ይለያል። የቦስተን ነዋሪ ስለ አደጋው ከሚገባው በላይ መረጃ ነበረው። የእኛ ተማሪ ደግሞ ስለ ሁሉም ነገር ብዙ ይሰማል፤ ስለሚፈልገው አንድ ነገር ግን ምንም አይሰማም።

ሁኔታውን ለማስረዳት አንዲት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ በምሳሌነት እንውሰድ። እናቷና አባቷ የሚኖሩት መስመር በተቋረጠበት ወረዳ ነው። በስልኳ ላይ ዘጠኝ የቴሌግራም ቻናሎችና ሁለት የቤተሰብ ቡድኖች አሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስትነቃ እጇ ወደ ስልኩ ይሄዳል። አንደኛው ቻናል “ሰበር” ብሎ ከወላጆቿ ከተማ አጠገብ ውጊያ እንዳለ ጽፏል። ሦስት ሌሎች ቻናሎችም ይህንኑ ይላሉ፤ ልብ ብላ ካየችው ግን ሦስቱም የመጀመሪያውን ቃል በቃል የገለበጡ ናቸው። አራት ምስክር የመሰላት አንድ ነው። ትደውላለች፤ ስልኩ እንደማይገኝ የሚናገረው የተቀዳ ድምፅ ይመልስላታል። እንደገና ወደ ቻናሎቹ ትመለሳለች፤ የከተማዋን ስም በመፈለጊያው ትጽፋለች፤ አዲስ ነገር አይወጣም። በዚህ ጊዜ ትንሽ ትንፋሽ ታገኛለች፦ “ስሙ አልተነሣም፤ እንግዲያስ ደኅና ናቸው።”

ጉዳዩ ሁሉ ያለው በዚህች ትንፋሽ ውስጥ ነው። በሥነ ልቦና ቋንቋ ሥጋትን ለጊዜው የሚያስታግስ ድርጊት በማስታገሱ ይጠናከራል፤ በሩ መቆለፉን ደጋግሞ የሚፈትሽ ሰው የሚይዘው ልማድም የሚጸናው በዚሁ መንገድ ነው። ተማሪዋ ስልኩን ባየች ቁጥር እረፍት ብታገኝ ኖሮ ልማዱ ቀላል ይሆን ነበር። እረፍቱ ግን የሚመጣው አንዳንዴ ብቻ፣ መቼ እንደሚመጣም ሳይታወቅ ነው። ዋጋው መቼ እንደሚገኝ የማይታወቅ ድርጊት ከሁሉ ይልቅ ለመተው የሚያስቸግር መሆኑን ፈርስተርና ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሥራ በእርግብ ላይ አሳይተዋል። በዚህ ላይ ደግሞ መስመር በተቋረጠበት አካባቢ የወሬ አለመኖር ምንም ነገር አያረጋግጥም። ተማሪዋም ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ትንፋሿ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ እጇም ወደ ስልኩ ይመለሳል።

በውጭ አገር ላለው ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ጠላት ነው። በክረምታቸው ወራት በዋሽንግተን ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ ንጋት 12 ሰዓት ነው። የአገር ቤት የማለዳ ወሬ የሚደርሰው እሱ ሊተኛ ሲል ነው። መርዶ ነጋሪ ሆን ብሎ የሚሸሸውን ሰዓት፣ የሰዓት ልዩነቱ በየቀኑ ያመጣበታል።

መረጃ መፈለግንና መፈተሽን መለየት የሚቻለው እንዴት ነው? ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ጣት ማንሸራተት ናቸው። የሚለዩት በሚያስከትሉት ነገር ነው። ተማሪዋ ለአንድ ሳምንት ስልኩን ከመክፈቷ በፊት በትንሽ ደብተር ላይ “አሁን ማወቅ የምፈልገው ምንድን ነው?” የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጻፍ፤ የሥጋቷንም መጠን ከዜሮ እስከ ዐሥር ትስጠው። ስትዘጋው ጥያቄዋ ተመልሶ እንደሆነና የሥጋቱ መጠን ስንት እንደደረሰ ትጻፍ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም መጠኑን እንደገና ትመዝግብ። መረጃ ፍለጋ ከሆነ ጥያቄው ይመለሳል፤ ወይም ደግሞ አንድ ተግባር ይከተለዋል፤ ገንዘብ ይላካል፣ ወደ አንድ ሰው ይደወላል፣ ጉዞ ይሰረዛል። መፈተሽ ከሆነ ግን ቁጥሩ ከ8 ወደ 5 ይወርድና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ 8፣ አንዳንዴም ወደ 9 ይመለሳል፤ በጥያቄው ቦታ ላይም በየቀኑ ያው “ምን አዲስ ነገር አለ?” ተጽፎ ይገኛል። ይህን የመሰለ የራስ ምዝገባ በሥነ ልቦና ሕክምና የተለመደ መነሻ ነው፤ ከዚህ ውጭ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም።

ሰዓት፣ መልክ፣ ነጋሪ

ስለ ሰዓት ጥሩ ሙከራ አለ። ኒኮላስ ፊትዝ፣ ኮስታዲን ኩሽሌቭና ባልደረቦቻቸው በሕንድ 237 ሰዎችን ለሁለት ሳምንት በዕጣ መደቡ። አንደኛው ቡድን የስልክ ማሳወቂያዎቹ እንደወትሮው ይደርሱታል፤ ሌላው በየሰዓቱ ተጠራቅመው ይደርሱታል፤ ሌላው በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ይደርሱታል፤ የመጨረሻው ጨርሶ አይደርሱትም። በ2019 እንደታተመው፣ በቀን ሦስት ጊዜ የደረሳቸው ሰዎች ከተለመደው ቡድን ይልቅ ትኩረታቸውና ስሜታቸው ተሻሽሎ፣ ውጥረታቸውም ቀንሶ ተገኘ። ጨርሶ ማሳወቂያ ያልደረሳቸው ግን ይህን ጥቅም እምብዛም አላገኙም፤ ይልቁንም ጭንቀታቸውና “አንድ ነገር አምልጦኝ ይሆን” የሚለው ሥጋታቸው ከፍ አለ። “ስልክህን ተው” ለሚለው ምክር ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። በሰላም ጊዜ፣ ምንም ዓይነት የቤተሰብ ሥጋት በሌለበት እንዲህ ከሆነ፣ መስመር ለተቋረጠበት ሰው ፍጹም ዝምታ ምን ሊያደርገው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ለምሳሌያችን ተማሪ የሚመጥናት ሦስት ሰዓት ነው፤ እንበል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቁርስ ከበላች በኋላ፣ ቀን 7 ሰዓትና ምሽት 12 ሰዓት፣ እያንዳንዱ ከሃያ ደቂቃ ሳይበልጥ። የቻናሎቹ ሁሉ ድምፅ ይዘጋል። የሁለቱ ወንድሞቿና የአንዲት አክስቷ ጥሪ ግን በማንኛውም ሰዓት እንዲያልፍ ስልኩ ይስተካከላል፤ ይህ በአብዛኞቹ ስማርት ስልኮች ላይ የሚቻል ነው። ይህች አንዲት ዝርዝር ትንሽ ብትመስልም ገደቡን የምታቆመው እሷ ናት። ተማሪዋ ሌሊት እንድትነቃ የሚያደርጋት “አስቸኳይ ነገር ቢመጣ አልሰማም” የሚል ፍርሃት ነውና፣ አስቸኳዩ ነገር የራሱ በር እንዳለው ስታውቅ ብቻ ሌላውን በር መዝጋት ትችላለች። ስልኩ ከአልጋው ርቆ፣ ክንድ በማይደርስበት ቦታ ይደር። መቀስቀሻ ካስፈለጋት ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ርካሽ ነው።

ስለ መልክ አጭር ላድርገው። መርዶ በቃል ይነገራል፤ አስከሬን ለማንም አይታይም። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዘዋወረው ግን ምስል ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሌላ ቦታና ከሌላ ዓመት የመጣ ምስል። የሆልማን ቡድን በ2020 ባሳተመው ሌላ ሥራ፣ ስለ ቦስተን አደጋ ከተከታተሉት ሰዎች መካከል ደም የሚታይባቸውን ምስሎች አብዝተው ያዩት የአእምሮ ጤናቸው ይበልጥ ተጎድቶ እንደተገኘ አሳይቷል። ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድና በራሱ እንዳይጫወት ማድረግ፣ ወሬውንም በጽሑፍ ማንበብ፣ ከመረጃው ይዘት እምብዛም አይቀንስም።

ሦስተኛው ነጋሪው ነው፤ በእኔ እምነት ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በመርዶ ሥርዓት ወሬውን የሚያጣራ፣ የሚመዝንና ተሸክሞ የሚመጣ ሰው አለ። አሁን ግን እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ለብቻው ዘጠኝ ቻናል ይከታተላል፤ ያገኘውን ያልተጣራ ወሬ በቤተሰቡ ቡድን ላይ ይለጥፋል፤ ስድስት ሰው በአንድ ሌሊት በአንድ የሐሰት ወሬ ስድስት ጊዜ ይደነግጣል። ቤተሰቡ በየሳምንቱ አንድ ሰው በተራ ቢመድብና ያ ሰው ወሬ ቢያጣራ፣ ከሁለት ነጻ ምንጭ ያላገኘውን ባይለጥፍ፣ የቀረቡትን ሰዎች በሞት የሚነካ ነገር ሲመጣም በጽሑፍ ሳይልክ ቢደውል፣ የሌሎቹ አምስቱ ሌሊት ይተርፋል። ይህ ሐሳብ ከልማድ የተወሰደ እንጂ ከሙከራ የተገኘ አይደለም፤ ለሙከራ ግን እጅግ ይመቻል። ዕዳውም ግልጽ ነው፤ በሳምንቱ ተረኛ የሆነው ሰው የሌሎቹን ድርሻ ይሸከማል። ተራው የግድ መዞር ያለበት፣ ፈተና ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ያለበት ሰው የሚዘለለውም ለዚህ ነው።

ገደቡ የሚፈርስባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። አንደኛው መተካት ነው፤ ቴሌግራም ተዘግቶ ዩቲዩብ ይከፈታል፣ ወይም የመኝታ ክፍል ጓደኛ በየሰዓቱ “ምን ተባለ?” ተብላ ትጠየቃለች። ፍተሻው ከስልኩ ወደ ሰው ተዛወረ እንጂ አልቀረም፤ በደብተሩ ላይ ጓደኛዋን የጠየቀችበትም መመዝገብ አለበት። ሁለተኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣው መባባስ ነው። የለመደውን እረፍት የተነፈገ ልማድ ከመዳከሙ በፊት ይበረታል፤ ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ “ለእኔ አልሠራም” ብሎ ይተወዋል። ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ የተነገረው ሰው የተሻለ ይታገሣል። ሌላም መታወቅ ያለበት አለ፦ እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ ካልተበላ፣ ተማሪዋም ከመጻሕፍት ቤትና ከሰው ከራቀች ጉዳዩ ከሰዓት ድልድል አልፏልና የባለሙያ እጅ ያስፈልገዋል።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሞራል ነው። “እነሱ በእሳት ውስጥ ሆነው እኔ እንዴት ዜና በሰዓት እከፍላለሁ? አለማየት ክህደት አይደለም ወይ?” ይህን የሚሉ ተማሪዎች ቀልድ አይናገሩም፤ ነቅቶ መከታተል ለብዙዎች የቀረላቸው ብቸኛ የአብሮነት መንገድ ነው። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶን እስከ ንጋት የሚያቆየውን ወዳጅ ማኅበረሰባችን ከሃዲ ብሎት አያውቅም፤ ፍቅርን በሰዓት መገደብና ወሬን በሰዓት መገደብ የተለያዩ መሆናቸውን ያውቅ ነበርና። ከዚህ በላይ የምሰጠው መልስ የለኝም፤ ተቃውሞውም ሙሉ በሙሉ የሚወድቅ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም የሚነሣው የመርዶ ሥርዓት ራሱ ካቆሰላቸው ሰዎች ነው። “ፈተና ላይ ነው” ተብሎ የአባቱ ሞት ለወራት የተደበቀበት፣ ቀብርም ሐዘንም ያመለጠው ተማሪ በየዩኒቨርሲቲው አለ። እንዲህ ያለ ሰው ስልኩን በየደቂቃው ቢፈትሽ ማን ይፈርድበታል? አንድ ጊዜ ተደብቆበታልና ዝምታን አያምንም። ልማዱን ስናመሰግን ይህን ድካሙን አብረን ልናይ ይገባል፤ በመርዶ ሥርዓት ስለ ሰሚው የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። እኔ የምደግፈው ገደብ በዚህ ነጥብ ከልማዱ ይለያል፤ የሚሠራው ሰሚው ራሱ አስቀድሞ ሲስማማበት ብቻ ነው። ተማሪው ለተረኛው “ሞት ከሆነ በዚያው ቀን ንገረኝ፤ የተቀረውን ለምሽቱ 12 ሰዓት አቆየው” ብሎ አስቀድሞ ይነግረዋል። እንዲህ ያለ ቃል የተገባለት ሰው ዝምታውን ማመን ይችላል፤ ፍተሻውን የሚያቀዘቅዘውም ይህ እምነት ነው።

ለተመራማሪዎች

በእኛም ዘንድ በርዕሱ ላይ ሲጠና የተለመደው ንድፍ “በቀን ስንት ሰዓት ማኅበራዊ ሚዲያ ትጠቀማለህ?” ብሎ መጠየቅና መልሱን ከጭንቀት መለኪያ ጋር ማዛመድ ነው። ከላይ ያየነው እውነት ከሆነ ይህ ጥያቄ ዋናውን ነገር ያመልጠዋል። ከእናቷ ጋር ለሁለት ሰዓት በቪዲዮ የተነጋገረችና ለሁለት ሰዓት ቻናል የፈተሸች ተማሪ በዚህ መለኪያ አንድ ናቸው። ሰዓቱን፣ መልኩንና ነጋሪውን ለይቶ የሚጠይቅ፣ ከተቻለም የፍተሻውን ቅጽበታዊ ምዝገባ የሚጠቀም ንድፍ ያስፈልገናል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አርባ ቤተሰቦች ተገኝተው ግማሾቹ በዕጣ የተረኛ ነጋሪ ሥርዓት ለአራት ሳምንት ቢከተሉ፣ የተቀሩት እንደወትሮው ቢቆዩና በኋላ ተራ ቢደርሳቸው፣ የአባላቱ የእንቅልፍና የሥጋት ምዝገባ ቢነጻጸር፣ ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍ በቂ ሥራ ነው። በተለይ የተረኛው የራሱ ምዝገባ ለብቻው መተንተን ይኖርበታል፤ የሌሎቹ እረፍት በእሱ ድካም የተገዛ ከሆነ ውጤቱ አማካዩ ውስጥ ተደብቆ ይቀራልና።

የመለኪያው ቋንቋም መታሰብ አለበት። “ጭንቀት” የሚለው ቃላችን የሥራ ብዛትን፣ የገንዘብ ችግርንና ምክንያት የሌለውን ሥጋት ሁሉ በአንድነት ይይዛል። ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ መጠይቅ “ባለፉት ሁለት ሳምንታት ጭንቀት ተሰምቶህ ያውቃል?” ሲል፣ የኑሮ ውድነትን አስቦ “አዎን” የሚል ሰው ይበዛል። ሰው ስለ ቤተሰቡ ወሬ ሲጠብቅ ግን የሚናገረው በሌላ መንገድ ነው፤ “ልቤ ተንጠልጥሏል” ይላል፣ “ሆዴን ይረብሸኛል” ይላል፣ “ዐይኔ ከስልክ አይነቀልም” ይላል። የቅድመ ጥናቱ ሥራ እነዚህን አነጋገሮች ከተጠያቂዎች አፍ መሰብሰብና የትኛው ከፍተሻው ጋር አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ መፈተን ይሆናል።